ከክትባት በፊት ፓራሲታሞል? ለጨቅላ ሕፃናት መቼ፣ ስንት እና እንዴት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ክትባት በሚሰጥበት ቀን ጠዋት የመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ። አያት ቀድመው ይመጣሉ፤ እናት ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ከኋላ ትከተላለች። «ልጄ፣ ዛሬ ሊወጋ ነው፤ ትኩሳት ሳይነሣበት የምንሰጠው ሽሮፕ ስጠን» ይላሉ አያት። «እማማ፣ አሁን ትኩሳት አለው?» «የለውም፤ ማታ ግን ያቃጥለዋል። የፊተኛው ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ።»

ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ልማዱም በከተማውም በገጠሩም ሰፍኗል። እኔ በበኩሌ መልሱ «ቀድመው አይስጡት» ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ብሎ ብቻ ሰውን መሸኘት ግን አይበቃም። ለምን እንደማይሰጥ፣ ትኩሳቱ በእርግጥ ሲመጣ ምን እንደሚደረግና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ አብሮ ካልተነገረ፣ ቤተሰቡ ሌሊት ላይ ጭንቅ ሲይዘው እንደመሰለው ያደርጋል። ስህተት የሚሠራውም ያን ጊዜ ነው።

ነገሩን በጥንቃቄ የመረመረው ጥናት በቼክ ሪፐብሊክ የተካሄደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ 459 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። የአንደኛው ቡድን ሕፃናት ክትባቱን ከወሰዱበት ሰዓት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ልዩነት፣ ፓራሲታሞል ተሰጣቸው። ለሌሎቹ መከላከያ ተብሎ የተሰጠ ነገር አልነበረም። ሕፃናቱ የተከተቡት የሳንባ ምች መከላከያውን ፒሲቪን፣ ዘጊ አናዳን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ትክትክንና ሌሎች በሽታዎችን ባንድ መርፌ የሚከላከለውን ጥምር ክትባት፣ እንዲሁም በአፍ የሚሰጠውን የሮታ ክትባት ነበር።

ትኩሳትን በተመለከተ ፓራሲታሞሉ ሠርቷል። ከመጀመሪያዎቹ ክትባቶች በኋላ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት የታየባቸው፣ መድኃኒቱ ካልተሰጣቸው ሕፃናት 66 በመቶ ሲሆኑ፣ ከተሰጣቸው 42 በመቶ ነበሩ። አያትየዋ ያዩት ነገር እውነት ነው ማለት ነው፤ ቀድሞ የወሰደ ሕፃን የማተኮሱ ዕድል ይቀንሳል። ነገር ግን ከ39.5 ዲግሪ ያለፈ፣ በእርግጥ የሚያስፈራ ትኩሳት፣ በሁለቱም ቡድኖች እጅግ ጥቂት ሕፃናት ላይ ብቻ ነው የታየው። በመድኃኒቱ የተከለከለው ትኩሳት አብዛኛው በራሱ የሚበርድ፣ መለስተኛ ትኩሳት ነበር።

ከዚያ ደም ተወስዶ ሲመረመር ያልተጠበቀው ነገር ተገኘ። ፓራሲታሞል ቀድመው በወሰዱት ሕፃናት ደም ውስጥ ያለው የፀረ እንግዳ አካል መጠን ዝቅ ብሎ ታየ። በፒሲቪ ውስጥ ባሉት አስር የጀርም ዓይነቶች ሁሉ ላይ ዝቅ ብሏል፤ በዘጊ አናዳ፣ በመንጋጋ ቆልፍ እና ከትክትክ ክትባት ክፍሎች በአንዱ ላይም እንዲሁ። ፀረ እንግዳ አካል ማለት ሰውነት አንድን ጀርም ለይቶ የሚያጠቃበት፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወር መከላከያ ነው። የክትባቱ ዋና ዓላማም እሱን ማስገኘት ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ወሬው ከጥናቱ አልፎ እንዳይሄድ። «ዝቅ አለ» ማለት «ጠፋ» ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ከወሰዱት ሕፃናት አብዛኞቹ ይጠብቃል ከሚባለው መጠን በላይ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። ቀድመው መድኃኒቱን የወሰዱ ልጆች በኋላ በበሽታው ይበልጥ ታመሙ የሚል ማስረጃም አልተገኘም። ስለዚህ ልጇን ባለፈው ወር ፓራሲታሞል አጠጥታ ያስከተበች እናት ክትባቱ ከንቱ ቀረ ብላ አትደንግጥ፤ እንዲደገምለትም አትጠይቅ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጠብቃ ትሂድ፤ በዚያን ዕለት ግን ቀድማ አትስጠው።

በኋላ በፖላንድ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፤ ሰዓቱ ለውጥ ያመጣል። ፓራሲታሞሉ ከክትባቱ ጋር በአንድ ጊዜ ሲጀመር ከሳንባ ምች የጀርም ዓይነቶች በአምስቱ ላይ ምላሹ ቀንሷል። የመጀመሪያው መጠን ከክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ዘግይቶ ሲሰጥ ግን ያ ቅነሳ አልታየም። በሁለተኛው የዕድሜ ዓመት ማጠናከሪያ ክትባት ከተሰጠ በኋላም ልዩነቱ አልቆየም።

ሰዓቱ ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ ሙሉ በሙሉ ተረጋግጧል ማለት አይቻልም፤ ይሁንና አሳማኙ ማብራሪያ ይህ ነው። ክትባቱ ጭን ላይ ሲወጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ በቦታው ያሉ የመከላከያ ሴሎች ይነቃሉ። እንግዳውን ነገር ያነሡና ወደ ንፍፊት ያደርሱታል፤ እዚያ ያሉ ሌሎች ሴሎችም ተምረው ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራሉ። በመርፌው ቦታ የሚታየው መቅላት፣ ማበጥና የትኩሳቱ መነሣት የዚሁ ጥሪ አካል ናቸው። ልክ የሰፈር ደወል ሲደወል ሰው እንደሚሰበሰብ ነው፤ ፓራሲታሞል ቀድሞ ከተሰጠ ደወሉ እየተደወለ ድምፁን እንደማፈን ይሆናል። ሰው አንዴ ከተሰበሰበ በኋላ ደወሉ ቢዳከም ግን ብዙም አይጎዳም። ማታ ላይ፣ ትኩሳት ከተነሣ በኋላ፣ መድኃኒቱን መስጠት ያን ያህል የማያሳስበው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛ መርሐ ግብር እንምጣ። በአገራችን ሕፃኑ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ጥምር ክትባት፣ ፔንታቫለንትን፣ እና ፒሲቪን በጭኖቹ ላይ ይወጋል፤ የፖሊዮና የሮታ ጠብታም በአፉ ይወስዳል፤ የሮታው በ6 እና በ10 ሳምንት ነው። የቼክና የፖላንድ ሕፃናት በሁለተኛ ዓመታቸው ማጠናከሪያ ተሰጥቷቸዋል። እኛ ዘንድ ሲሠራበት በቆየው መርሐ ግብር ግን ፒሲቪ በእነዚያ ሦስት ክትባቶች ያበቃል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚደገም የለውም። በእኔ አስተያየት ለእኛ ሕፃናት ጥንቃቄው የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክትባቶች ብቻቸውን ልጁን ማሻገር አለባቸው፤ መለስተኛ ትኩሳትን ለማስቀረት ሲባል ከእነሱ ላይ የሚቀነስ ነገር ሊኖር አይገባም።

በሌላ በኩል፣ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። የእኛ ፔንታቫለንት የያዘው የትክትክ ክትባት ከሙሉው ጀርም የተሠራ ነው፤ በቼክና በፖላንድ የተሰጠው ግን ከጀርሙ ክፍሎች ብቻ የተሠራ ነበር። ከሙሉው ጀርም የተሠራው ትኩሳትን ይበልጥ ያስነሣል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ያለች እናት ውጭ አገር ካለች እህቷ ይልቅ ትኩሳት የማየት ዕድሏ ይሰፋል። ሁለቱ ጥናቶችም በቀጥታ የተካሄዱት በእኛ ጥምር ክትባት ላይ አይደለም። ከእነሱ የምንወስደው ትምህርት በፒሲቪ በኩል ጠንካራ፣ በፔንታቫለንት በኩል ደግሞ ጥንቃቄን የሚያስመርጥ ነው።

ውጭ አገር ስላሉ ዘመዶች ካነሣን፣ ከለንደን በስልክ የሚመጣ ምክርም አለ፤ «እዚህ ሐኪሞቹ ራሳቸው ቀድማችሁ ስጡ ይላሉ» የሚል። ሐሰት አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጥ የማጅራት ገትር ቢ ክትባት አለ። ይህ ክትባት ከሌሎቹ ጋር ሲሰጥ ከፍ ያለ ትኩሳት ያመጣል፤ ፓራሲታሞል ቢሰጥም ምላሹ እንደማይቀንስ በጥናት ታይቷል። ምክሩ ለዚያ ክትባት ብቻ የተሰጠ ነው። በእኛ መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ ክትባቱ ስለሌለ ምክሩ ለእኛ ሕፃናት አይሠራም።

ቀጥሎ የማነሣው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የመጀመሪያው ፔንታቫለንት የሚሰጠው በ6 ሳምንት ነው፤ ሕፃኑ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ከክትባቱ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን ሁለት ወር ባልሞላው ሕፃን ትኩሳት የደም መመረዝ፣ የማጅራት ገትር ወይም የሳንባ ምች የመጀመሪያና ብቸኛ ምልክት ሊሆንም ይችላል። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በብብት ተለክቶ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነን ሙቀት የከባድ ሕመም ምልክት አድርጎ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ፓራሲታሞል በራስ ውሳኔ ከተሰጠ ትኩሳቱ ይወርድና ምልክቱ ይሸፈናል፤ ውስጥ ያለው ሕመም ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ የ6 ሳምንቱ ሕፃን ከተከተበ በኋላ ቢያተኩስ በቤት ያለው ሽሮፕ አይነሣ። ጡት ይጥባ፤ በዚያው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ይየው። ጡት እምቢ ካለ፣ ከዛለና ለመንቃት ካስቸገረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ እየሰረጎደ ከተነፈሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው። ባለሙያው ከመረመረው በኋላ ፓራሲታሞል ይሰጠው ካለ መጠኑን በሕፃኑ ክብደት አስልቶ ይነግራል። በ10ኛው ሳምንት፣ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ፣ ነገሩ በጥቂቱ ይላላል። ያኔም ቢሆን የመጀመሪያውን መጠን ባለሙያ ቢነግራችሁ ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶት ትኩሳቱ ከተመለሰ ሦስተኛ ከመስጠት ይልቅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ትኩሳት ነው ከመባሉ በፊት ግን መለካት አለበት፤ እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ብርድ ራሱ ያሳስታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝና አንኮበርም ብርዳቸው የታወቀ ነው። ሕፃን በሹራብ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ተደርቦለት፣ በእናቱ ጀርባ ወይም ምድጃ አጠገብ ይቆያል። ግንባሩ ሲዳሰስ ያቃጥላል፤ ይህ ሙቀት ግን የልብሱ ሊሆን ይችላል። ጋቢውን አንሡ፤ አንድ ስስ ልብስ ብቻ ትታችሁ ነፋስ በሌለበት ክፍል ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ፣ ቆዳው ላይ፣ ክንዱን ወደ ጎኑ ገጠም አድርጋችሁ እስኪጮህ ያዙት። ብዙ ጊዜ «ትኩሳቱ» በዚህ ብቻ ይወርዳል። ካልወረደ ደግሞ እውነተኛ ትኩሳት ነው፤ አሁን ቁጥሩን ታውቃላችሁ ማለት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ወይም በአልኮል ማሸት አይገባም፤ ሕፃኑን ያንዘፈዝፈዋል፤ አልኮሉም በቆዳውና በትንፋሹ ይገባል።

አሁን አንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ እንመልከት። ሕፃኑ 14 ሳምንቱ ነው፤ በዚያው ጠዋት በክትባት ካርዱ ላይ የተመዘገበው ክብደቱ 6 ኪሎ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተከተበ። ቀድሞ ምንም አልተሰጠውም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይነጫነጫል፤ ጭኑ ላይ የተወጋበት ቦታ ቀልቷል፤ ሙቀቱ 37.8 ነው። ጡት እየጠባ ነው፤ ሲያቅፉት ይረጋጋል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በተወጋበት ቦታ ላይ ማድረግና ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃል። ቦታውን ማሸትም፣ ቅቤ መቀባትም አያስፈልግም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲለካ 38.6 ሆነ። ያለቅሳል፣ እግሩን ሲነኩት ይብሳል፣ ጡት ይይዝና ይተወዋል። ከተከተበ 11 ሰዓት አልፏል። አሁን ፓራሲታሞል መስጠት ተገቢ ነው፤ በክትባቱ ላይ የሚያመጣውም ስጋት አነስተኛ ነው። ልብ በሉ፤ የወሰነው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ የሕፃኑ ስቃይ ነው። ይኸው 38.6 እያለው ፈገግ እያለ የሚጠባ ሕፃን ቢሆን ኖሮ መጠበቅ ይቻል ነበር።

መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ባንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ለ6 ኪሎ ሕፃን ዝቅተኛው 60፣ ከፍተኛው 90 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው። እኛ ዝቅተኛውን 60 እንውሰድ፤ ለክትባት ትኩሳት ይበቃል። ቀጥሎ ጠርሙሱን አንሥቶ ማንበብ ነው። 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ከሚል ሽሮፕ 60 ሚሊ ግራም የሚገኘው በ2.5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው። ጠርሙሱን በደንብ በጥብጡት፤ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣልና ሳይበጠበጥ የተቀዳው ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል። በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እስከ 2.5 መስመር ቅዱ፤ ሲሪንጁን ከዓይናችሁ ጋር ትክክል አድርጋችሁ አንብቡ። ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ያዙና በጉንጩ ውስጠኛ ክፍል በትንሽ በትንሹ አፍስሱለት። የሻይ ማንኪያ አትጠቀሙ፤ የአንዱ ቤት ማንኪያ ከሌላው ቤት ማንኪያ እኩል አይይዝም። የሰጣችሁበትን ሰዓትም በወረቀት ላይ ጻፉ። ይህ አጉል ጥንቃቄ አይደለም፤ አያት ምሽት የሰጡትን አባት እኩለ ሌሊት ላይ ሳያውቅ ይደግመዋል።

ቀጣዩ መጠን ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ በምሳሌያችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት አይሰጥም። 8 ሰዓት ላይ ሕፃኑ ተኝቶ ከሆነ አይቀሰቀስ። ነቅቶ ትኩሳቱና ስቃዩ ከተመለሰ ብቻ ያው 2.5 ሚሊ ሊትር ይደገማል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ከክትባቱ የመጣ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ከሁለት ቀን ካለፈ፣ 39 ከደረሰ ወይም ቀደም ብዬ ከዘረዘርኳቸው የአደጋ ምልክቶች አንዱ ከታየ ምክንያቱ ክትባቱ ነው ብላችሁ አትቀመጡ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንዲት ስህተት ብቻ ሁሉን ነገር ልትገለብጥ ትችላለች፤ እሷም የጠርሙሱ ዓይነት ናት። በመድኃኒት ቤቶች ያለው ፓራሲታሞል አንድ ዓይነት አይደለም። 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር የሚል አለ፤ 250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር የሚል አለ፤ በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘ ጠብታም አለ። ለ6 ኪሎው ሕፃን ከጠብታው የሚያስፈልገው 0.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቤተሰቡ «2.5 ነው የተባልነው» ብሎ ከጠብታው 2.5 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ ሕፃኑ 250 ሚሊ ግራም ዋጠ ማለት ነው፤ ከሚገባው ከአራት እጥፍ በላይ። ይህ በቀን አራት ጊዜ ቢደገም 1,000 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ለኪሎ 167 ሚሊ ግራም ገደማ። ሁለት ቀን ከዘለቀ ጉበትን ሊያበላሽ ወደሚችል መጠን ይገባል። ስለዚህ ጎረቤት «ግማሽ ማንኪያ ስጪው» ቢል ወይም ባለፈው ዓመት ለታላቁ ልጅ የታዘዘውን ብታስታውሱ፣ ምክሩን ከመከተላችሁ በፊት በእጃችሁ ያለው ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ይላል ብላችሁ አንብቡ። ማንበብ ለሚቸግራቸው አባወራና እማወራ መድኃኒት ቤቱ ሲሪንጁ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሮ መስጠት አለበት፤ ይህን የመድኃኒት ባለሙያ ግዴታ አድርጌ ነው የማየው።

ሽሮፕ ሳይገኝ ሲቀር የአዋቂ ክኒን ከፍሎ ጨፍልቆ መስጠትም የተለመደ ነው። 500 ሚሊ ግራም ያለው ክኒን አራት ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል 125 ነው፤ እሱም በእጅ ሲሰበር አንዱ ይተልቃል፣ አንዱ ያንሳል። ለ6 ኪሎ ሕፃን 125 ሚሊ ግራም ከተባለው 90 በላይ ነው። በራሳችሁ አታድርጉት። ሌላው ወጥመድ የጉንፋን ሽሮፕ ነው፤ ብዙዎቹ ፓራሲታሞል በውስጣቸው አለ፤ ከፓራሲታሞል ሽሮፕ ጋር አብሮ ሲሰጥ ያው መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተሰጠ ማለት ነው። አስፕሪን ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንም በዚህ ዕድሜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ በፖላንዱ ጥናት እሱም ቢሆን ለትክትክና ለመንጋጋ ቆልፍ የሚሰጠውን ምላሽ ቀንሷል።

እስካሁን የተናገርኩት ለደጋው ነው። በዚያው ዞን ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ከ1,300 ሜትር አይበልጥም፤ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። እዚያ የሚኖር ሕፃን ከተከተበ በኋላ ቢያተኩስ ክትባቱና ወባው በአንድ ሌሊት ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ በመዳሰስ አይለዩም። ለክትባት ትኩሳት የተሰጠ ፓራሲታሞል የወባንም ትኩሳት ለጊዜው ያበርዳል፤ ጥገኛ ተሕዋሲውን ግን አይነካውም። በቆላው ቀበሌዎች ትኩሳቱ ሲታይ ሁለት ቀን መጠበቅ አይገባም፤ በማግሥቱ ጤና ኬላ ሄዶ ከጣቱ ወይም ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይመርመር። በወባ ወቅት ወደ ቆላ ወርዶ ለተመለሰ የደጋ ቤተሰብም ይኸው ነው።

የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት በተመለከተ አጭር ቃል ልጨምር። ኩፍኝ ሕይወት ያለው፣ የተዳከመ ተሕዋሲ ነው፤ ትኩሳት የሚያስከትል ከሆነ የሚያስከትለው ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ ቀላል ሽፍታ አብሮት ይወጣል። በዕለቱ ጠዋት የሚሰጥ ፓራሲታሞል ከዚያ ትኩሳት ጋር አይገናኝም። ቀድሞ መስጠት ልጁን በትኩሳት ከሚመጣ ማንቀጥቀጥ ይጠብቀዋል የሚለው እምነትም በጥናት አልተደገፈም። በሌላ በኩል፣ ልጁ በሌላ ሕመም ምክንያት በሐኪም ትእዛዝ ፓራሲታሞል እየወሰደ ቆይቶ የክትባት ቀኑ ቢደርስ፣ ክትባቱን ለዚህ ብቻ ማስተላለፍ አይገባም፤ ለከታቢዋ ንገሯት፤ ልጁ ክፉኛ ካልታመመ ትከትበዋለች።

መጠኑ በስህተት በዝቶ ከተሰጠስ? በፓራሲታሞል መመረዝ አሳሳች ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ ደህና ሊመስል፣ ወይም ጥቂት ሊያስመልሰውና ሊገረጣ ይችላል፤ የጉበቱ ጉዳት የሚገለጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ተብሎ አይጠበቅም። ማርከሻ መድኃኒት አለ፤ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በግድ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ወተት ወይም ሌላ ማርከሻ የምትሉትን አታጠጡት። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ጠርሙሱን፣ የሰጣችሁበትን ሲሪንጅ ወይም ማንኪያ እና ሰዓቱን የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ስንት ሚሊ ግራም እንደገባ የሚያሰላው ከእነዚህ ነው።